ጎጆ እና ጭልፋ

አጭር ኮሜዲ ለሁለት ተዋንያን

ሰዎቹ፦
እናና የሻረግ፣ የ68 ዓመት አያት። ባለ ቁልፍ ስልኳን በመሐረብ ቋጥራ ትይዛለች።
ናሆም፣ የ20 ዓመት የልጅ ልጇ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ስልኩ ከእጁ አይወርድም።

ቦታው፦ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ የእናና ቤት። አንድ መደብ፣ አንድ ፍራሽ፣ በመካከላቸው በርጩማ።

ጊዜው፦ እሑድ የካቲት 15 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት። በማግስቱ ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ሁለቱ በጀልባ ዘጌ ተሻግረው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሊያነግሡ ተዘጋጅተዋል።

ለተዋንያን፦ እናናን የምትጫወተው ሰው ወገቧን አታጉብጥ፣ ድምጿንም አታንቀጥቅጥ። እናና ሞኝ አይደለችም። የምትለው ሁሉ በራሷ ሒሳብ ልክ ነው፤ ሳቁ የሚመጣውም ከዚያ ነው። ናሆምም አያቱን የሚንቅ ልጅ አይደለም፤ ቸኩሎ ነው።

ትዕይንት አንድ

(እናና ነጠላዋን እያጣጠፈች ነው። ናሆም እያለከለከ ይገባል።)

ናሆም፦ እናና! እናና፣ ምን ሆንሽ?

እናና፦ እኔ ምን እሆናለሁ? ዳቦው የታለ?

ናሆም፦ የምን ዳቦ?

እናና፦ ደወልኩልህ እኮ!

ናሆም፦ ደወልሽና ዘጋሽው! መልሼ ብደውል አታነሺ፣ ደግሜ ብደውል አታነሺ። ወድቃ ነው ብዬ ባጃጅ ኮንትራት ይዤ መጣሁ።

እናና፦ አንዴ ጠርቶ ተዘጋ አይደል?

ናሆም፦ አዎ።

እናና፦ አንዴ ዳቦ ነው።

ናሆም፦ ምን?

እናና፦ (በጣቷ እየቆጠረች) አንዴ ከጠራ፣ ዳቦ አምጣ። ሁለቴ ከጠራ፣ እንግዳ አለ፤ ጫማህን ደጅ አውልቀህ ፊትህን ፈታ አድርገህ ግባ። ሦስቴ ከጠራ አሞኛልና ያኔ አንሳው። እናትህ ታውቀዋለች፣ አክስቶችህ ያውቁታል። አንድ ሳንቲም አይበላም።

ናሆም፦ ለእኔ ማን ነገረኝ?

እናና፦ ይኼ ይነገራል እንዴ? እዚሁ ቤት አይደል ያደግኸው!

ናሆም፦ እሺ፣ እኔ ስደውል ለምን አታነሺም?

እናና፦ እየቆጠርኩ ነዋ! አንድ ጠራ። እሺ፣ ዳቦ ሊገዛ ነው አልኩ። ሁለት ጠራ። እንግዳ ይዞ ሊመጣ ነው ብዬ ቄጠማ ጎዘጎዝኩ። (ወለሉን ታሳየዋለች፤ እውነትም ቄጠማ ተጎዝጉዟል።) ሦስት ጠራ። ልጄን አሞታል ብዬ መሐረቡን ስፈታ፣ አራት ጠራ! አራት የለንም! አራት ምንድን ነው? ጎረቤት ወጥቼ ጠየቅኩ። እነሱም አራት የላቸውም።

ናሆም፦ እናና፣ ጥቅል ገዝቼልሻለሁ እኮ። የወር ነው። እንዳሻሽ ብታወሪ አያልቅም።

እናና፦ የማያልቅ ነገር አለ እንዴ? ጣናም በበጋ ይሸሻል።

(ናሆም ተሸንፎ ፍራሹ ላይ ይቀመጣል። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ የተላከለትን የድምፅ መልእክት እያዳመጠ ፈገግ ይላል። እናና ጆሮዋን ታስጠጋለች።)

እናና፦ ሴት ናት።

ናሆም፦ የክፍሌ ልጅ ናት። የቤት ሥራ ነው።

እናና፦ የቤት ሥራ እንዲህ ያስቃል? እንኳንም ነገ የምንሄደው ዑራ ሆነ። ክብራን ገብርኤል ቢሆን ከነስልክህ ወደቡ ላይ ያስቀሩህ ነበር። እዚያ ሴት አይገባም።

ናሆም፦ (ስልኩን እያወረደ) ጀልባዋ በስንት ሰዓት ናት?

እናና፦ በ12 ሰዓት ትነሣለች። ለበዓል ሰው ስለሚበዛ ቀደም ማለት ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ቀስቅሰኝ። የኔዋ ባትሪዋ እንጂ ደወሏ አይሠራም፤ ባንተዋ ሙላልኝ።

ናሆም፦ (ሳያያት እየነካካ) 10 ሰዓት። እሺ፣ ሞላሁት። (ስልኩን በርጩማው ላይ አስቀምጦ ቻርጅ ይሰካል።) እግሬን ታጥቤ ልተኛ።

(ይወጣል። እናና ግራ ቀኝ አይታ ስልኩን ታነሣለች። አርቃ፣ አቅርባ፣ እንደገና አርቃ ታየዋለች። በዚህ ጊዜ ተዋናይዋ አትቸኩል፤ ለአንድ ደቂቃ ከስልክ ጋር ብቻዋን የቀረች አያት ብዙ የምታደርገው አላት።)

እናና፦ (ለራሷ) 22 ይላል። ዛሬ ቂርቆስ፣ 15። ይኼ ዑራኤል ላይ ደርሷል! (ጮክ ብላ) ናሆም! ነገ ኪዳነ ምሕረት ናት ወይስ ጊዮርጊስ?

ናሆም፦ (ከውጭ) የፈረንጅ ቀን ነው እናና! ተይው!

እናና፦ ከሥሩ ደግሞ... 2026? (በጣቷ ትቆጥራለች። ትደነግጣለች።) ስምንት ዓመት! 68 በዛብኝ ስል 76 አደረገኝ! (ትንሽ ዝም ብላ) ደወሉስ... 4:00። አራት ሰዓት? በአራት ሰዓትማ ሰው ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ጠበል ጠጥቶ ይመለሳል! ይኼ ልጅ ሐሳቡ የቤት ሥራዋ ጋር ነው።

(በአንድ ጣቷ ቁጥሩን ወደ ታች ታሽከረክራለች፤ እያንዳንዱን ቁጥር እንደ ቆጣሪ ትጠራለች።)

እናና፦ ሦስት... ሁለት... አንድ... አሥራ ሁለት... አሥራ አንድ... አሥር። ቁም! (ስልኩ ይቆማል።) አጠገቧ የነበረችው ምልክትም አብራ ተገለበጠች። ትገልበጥ።

(ስልኩን በመሐረብ ሸፍና ትተኛለች። ናሆም ገብቶ መብራት ያጠፋል።)

ትዕይንት ሁለት

(ጨለማ። የስልክ ደወል ይጮኻል። እናና በሰከንድ ትነሣለች፤ ቀሚሷን ለብሳ ነው የተኛችው። መብራት ታበራለች።)

እናና፦ ተነሥ! አሥር ሰዓት! ተነሥ!

ናሆም፦ (ዓይኑን ሳይገልጥ ሱሪውን በግልባጭ እየለበሰ) ደረሰ? አሁን ተኛሁ እኮ።

እናና፦ ወጣት እንቅልፍ አይጠግብም። ጃንጥላዬን ያዝ፣ ጧፉን ያዝ።

ናሆም፦ (ስልኩን አንሥቶ ያያል። በአንድ እግሩ እንደቆመ ይደርቃል።) እናና፣ ገና ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው።

እናና፦ ምን ይላል ቁጥሩ?

ናሆም፦ 10:00 ይላል፣ ግን...

እናና፦ ይኸው! ራሱ ስልክህ መሰከረ።

ናሆም፦ አሥር ሲል አራት ማለት ነው!

እናና፦ አሥር ሲል አራት?

ናሆም፦ አዎ! አራት ሲል ደግሞ አሥር!

(ዝምታ። እናና ግንባሩን በእጇ መዳፍ ትነካዋለች።)

እናና፦ ትኩሳት የለህም።

ናሆም፦ እናና ስሚ። የምን ድምፅ ነው ይኼ?

እናና፦ ጎረቤት ቡና እየወቀጡ።

ናሆም፦ በሌሊት አሥር ሰዓት ቡና ይወቀጣል?

እናና፦ ለኪዳነ ምሕረት ማልደው ነዋ። እኔ ብቻ ነኝ ክርስቲያን?

ናሆም፦ ዶሮስ ለምን አልጮኸም?

እናና፦ ዶሮውም እንዳንተ ሲያመሽ ነው።

(ናሆም ፍራሹ ላይ ይወድቃል። እናና ጃንጥላዋን ይዛ ወደ በሩ ትሄዳለች፤ ትከፍተዋለች። ቀና ብላ ሰማዩን ታያለች። ረጅም ዝምታ። ስትመለስ ድምጿ ዝግ ብሏል።)

እናና፦ ናሆም።

ናሆም፦ እ።

እናና፦ ሦስቱ ኮከቦች ገና አሉ።

ናሆም፦ የትኞቹ?

እናና፦ በአንድ መስመር የሚሄዱት ሦስቱ። በዚህ ወር ለኪዳን ስንነሣ እነሱ ገብተው፣ ሰማዩ በሌሎቹ ተተክቶ ነው የምናገኘው። አሁን ገና ከፍ ብለው ቆመዋል። (ትቀመጣለች።) ምሽት ነው። አንተ ልክ ነህ።

ናሆም፦ (ቀና ብሎ) ከኮከብ ነው ያወቅሽው?

እናና፦ አባቴ ታንኳ ሲቀዝፍ በእነሱ ነበር የሚነሣው። ቻርጅ አይፈልጉም።

(ናሆም ተነሥቶ በሩ ላይ ይቆማል። ቀና ብሎ ያያል። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ለማንሣት ይሞክርና ይተወዋል። እዚህ ላይ ሁለቱም ጸጥ ይበሉ፤ ሳቅ አያስፈልግም።)

ናሆም፦ (ተመልሶ አጠገቧ ይቀመጣል) ነይ ላሳይሽ። ስልኩ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፣ እኛ ከማለዳ። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። እኛ አሥር ስንል እሱ አራት ይላል። አሥር ላይ ስታደርጊው ይቺም ተገልብጣለች። የፊቱ AM ነበር፣ አሁን PM ሆኗል።

እናና፦ (ስልኩን አርቃ እያየች) ይቺ ክብ ራስ ያላት፣ ዘንጓ የወረደው?

ናሆም፦ አዎ፣ እሷ።

እናና፦ ጭልፋ ናት።

ናሆም፦ ...ጭልፋ?

እናና፦ ቅድም የነበረችው ደግሞ ጣሪያዋ የሾለ፣ መሐሏ ላይ ወጋግራ ያላት። ጎጆ ናት።

ናሆም፦ (እየሳቀ) በቃ፣ ጎጆ ካየሽ ከሌሊት እስከ ረፋድ ነው፤ ከቤት የሚወጣበት። ጭልፋ ካየሽ ከቀትር እስከ ራት ነው።

እናና፦ ጭልፋ ሲሆን ወጥ ይጨለፋል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ታዲያ መጀመሪያ እንዲህ ብለህ አትነግረኝም?

ናሆም፦ ይኼ ይነገራል እንዴ? እዚሁ ቤት አይደል ያለሽው!

(እናና በነጠላዋ ጫፍ ትመታዋለች። ሁለቱም ይስቃሉ።)

እናና፦ በል ጎጆዋን መልሳት። ላያት እፈልጋለሁ።

ናሆም፦ ይኸው። 4:00 AM። አራት፣ ከነጎጆዋ።

እናና፦ በል ተኛ።

(መብራት ይጠፋል።)

ትዕይንት ሦስት

(ጨለማ። ደወሉ ይጮኻል። የናሆም እጅ ብቻ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ስልኩን ይነካል፤ ደወሉ ይጠፋል። ማንኮራፋት። እናና መብራት ታበራለች። ነጠላዋን ለብሳ፣ ጃንጥላዋን ይዛ ቆማለች። ወደ በሩ ሄዳ ሰማዩን አይታ ራሷን በአዎንታ ትነቀንቃለች።)

እናና፦ ናሆም። (መልስ የለም።) አንተ ናሆም!

(መሐረቧን ፈትታ ስልኳን ታወጣለች። ትደውላለች። ከናሆም ራስጌ አንዴ ጠርቶ ይዘጋል። ደግማ። ሁለት። ደግማ። ሦስት። ናሆም ይገላበጣል። ደግማ። አራት። ናሆም ተፈናጥሮ ይቀመጣል።)

ናሆም፦ አራት! አራት የለንም! አራት ምንድን ነው?

እናና፦ ከዛሬ ጀምሮ አለን። አራት ጀልባ ናት። ተነሥ!

(ናሆም ተንደርድሮ ይለብሳል። ጧፉን ያነሣል፣ ጃንጥላውን ይቀበላታል፣ በሩ ላይ ይደርሳል። ቆም ይላል። ቀስ ብሎ ይዞራል።)

ናሆም፦ እናና... የትናንቱን ዳቦ ሳልገዛው ቀረሁ።

(እናና ታየዋለች። ምንም አትናገርም። ስልኳን ከፍ አድርጋ አንድ ቁልፍ ትጫናለች። የናሆም ኪስ ውስጥ አንዴ ጠርቶ ይዘጋል። ናሆም ዘንቢሉን ከግድግዳው ነጥቆ ይሮጣል። እናና ስልኳን በመሐረቧ ቋጥራ መብራቱን ታጠፋለች።)