ኡዱ የተሰማው በሰባተኛው ዘፈን ነው

ባለፈው ቅዳሜ ማታ የግቢያችን ባንድ በትልቁ አዳራሽ ኮንሰርት አቅርቧል። መግቢያው 50 ብር ነበር። 12 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው የተጀመረው። ለዚህ አልወቅሳቸውም፤ ድሬ ላይ ሙቀቱ ሳይበርድ ማን አዳራሽ ይገባል? ወቀሳዬ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው።

መድረኩ ላይ ስምንት ሰዎች ነበሩ፦ ሁለት ድምፃውያን፣ ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ክራር፣ ማሲንቆና ኡድ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በሐረሪ አሥራ አንድ ዘፈኖች ተጫወቱ። አስተዋዋቂው የቋንቋዎቹን ብዛት እንደ ትልቅ ነገር ደጋግሞ ነገረን። ቀፊራ ወርዶ ቲማቲም የገዛ ሰው እኮ አራቱንም ሰምቶ ነው የሚመለሰው። እኔ ማወቅ የፈለግኩት እንዴት እንደተጫወቷቸው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዘፈኖች አንድ ዓይነት ነበሩ። ዜማቸው ይለያያል፤ ድምፃቸው ግን አንድ ነው። ጥፋቱ የኪቦርዱ ይመስለኛል። ተጫዋቹ ማሽኑ ውስጥ ተሞልቶ የመጣውን ሪትም ከፍቶ ይለቀዋል። ድራመሩ ደግሞ እዚያው አጠገቡ ተቀምጧል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ አንገቱን ወደ ስፒከሩ አዘንብሎ ማሽኑን ሲያሳድድ አየሁት። ትንሽ ይቀድማል፣ ደንግጦ ይመለሳል፣ እንደገና ይቀድማል። እጁ ጥሩ ነው፤ ልምምድ ላይ ስለሰማሁት አውቃለሁ። ሰው ድራም እየመታ ማሽኑ ለምን እንዳስፈለገ ግን አልገባኝም።

አምባሰሉ ላይ ነገሩ ባሰ። አምባሰል ውስጥ ሁለተኛው ድምፅ ከመነሻው የሚርቀው በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። ያ ጠባብ ቦታ ነው ቅኝቱን አምባሰል የሚያደርገው። ክራሩ በትክክል ተቃኝቶ እዚያው ቦታ ላይ ይመታል፤ ኪቦርዱ ግን ሙሉ ድምፅ ይሄዳል። ሁለቱ በተገናኙ ቁጥር ጥርስ የሚያፋጭ ነገር ይወጣል። ክራር ተጫዋቹ ስህተቱ የእሱ መስሎት በዘፈኑ መሀል ጎንበስ ብሎ ክሩን ማጥበቅ ጀመረ። አሳዘነኝ። ትክክለኛው እሱ ነበር።

ከዚያ ሰባተኛው መጣ። ኦሮምኛ ዘፈን ነው፤ በኡድ ይጀመራል። ኪቦርዱ እንደለመደው ሪትሙን ሊለቅ እጁን ሲሰድ ኡድ ተጫዋቹ በግንባሩ «ቆይ» አለው። ከኋላዬ አንዱ «አቦ ተዉት፣ ብቻውን ይጫወት!» ብሎ ጮኸ። ተዉት። ኡዱ ቀስ ብሎ ገባ፤ ወፍራሙን ክር መታና እስኪያልቅ ጠበቀው፣ ከዚያ ወደ ቀጫጭኖቹ ወጣ። የአዳራሹ ቬንቲሌተር ሲንቋቋ ሳይቀር ይሰማ ነበር። ድራመሩ ዱላዎቹን አስቀምጦ በመዳፉ ብቻ ገባ፤ በዚያ ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም አላሳደደም። ሴቷ ድምፃዊትም እስከዚያ ድረስ ከስፒከሩ ለመብለጥ ስትጮህ ቆይታ፣ እዚህ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ለካ ዝቅ ሲል ነው የሚያምረው! ታችኛው ድምፅዋ ሞላ ያለ፣ ትንሽ ሻካራ ነው። ስድስት ዘፈን ሙሉ ደብቃን ነበር።

ወንዱ ድምፃዊ መድረክ ያውቃል፣ ሰው ያስነሳል፤ ስለ ዘፈኑ ግን ብዙ የምለው የለኝም። ማሲንቆው የሚያነሳው ማይክ ስላልነበረው ተጫዋቹ ሲጫወት አየሁ እንጂ አልሰማሁም። የመጨረሻዎቹ አራት ዘፈኖች ወደ ድሮው ጩኸት ተመለሱ። ሰዉ ጨፍሯል፣ እኔም ጨፍሬያለሁ። መጨፈርና ማዳመጥ ግን ለየቅል ናቸው።

አንድ ቅሬታ ይቀረኛል፤ ከድምፁ ችግርም ይበልጥብኛል። በር ላይ በታደለችው ወረቀት የዘፈኖቹ ርዕስ እንጂ የግጥምና የዜማ ባለቤት ስም የለም። አስተዋዋቂውም ሰባተኛውን «አሁን ደግሞ አንድ የድሮ ዘፈን» ብሎ ነው ያለፈው። የማን ድሮ? ዓሊ ቢራ የተወለደው እዚሁ ድሬዳዋ ነው። የአፍራን ቀሎ ባንድ የተመሠረተውም እዚሁ ነው፤ ኦሮምኛ መድረክ ላይ መዝፈን ቀላል ባልነበረበት ዘመን። እዚህ ከተማ ውስጥ ኡድ ይዞ መድረክ የሚወጣ ልጅ ከማን እንደተቀበለው መናገር አለበት። ከኮንሰርቱ በኋላ ኡድ ተጫዋቹን በር ላይ አግኝቼ ስለ ሰባተኛው ዘፈን ጠየቅኩት። ኡዱን እንደታቀፈ አሥር ደቂቃ ሙሉ አወራኝ፤ ማን እንደደረሰው፣ ማን እንደተጫወተው፣ እሱ ከየትኛው ካሴት እንዳጠናው። ማይኩ በእጁ በነበረ ጊዜ አንዱንም አልነገረንም።