የቫሪዬሽን ኦርደር ጥያቄ፦ በአክሲስ 3፣ 4 እና 5 የፉቲንግ ጥልቀት መጨመር

ቁጥር፦ ቫኦ-01/2017
ቀን፦ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለ፦ የፕሮጀክቱ አማካሪ መሐንዲስ
ግልባጭ፦ ለአሠሪው
ከ፦ ሥራ ተቋራጩ
ፕሮጀክት፦ ጂ+1 የመማሪያ ክፍል ሕንጻ፣ አዘዞ፣ ጎንደር

ግንቦት 4 ቀን በደረሰን የሳይት ትእዛዝ ቁጥር 7 መሠረት፣ በሦስቱ አክሲሶች ላይ ያሉ 15 ፉቲንጎች ከ1.50 ሜትር በታች እንዲወርዱ ታዘናል። ከ1.50 በታች ያለው ቦታም በሳይክሎፒያን ኮንክሪት እንዲሞላ። ሥራው ከውሉ በላይ በመሆኑ ዋጋውንና ጊዜውን እንደሚከተለው እናቀርባለን። የምንጠይቀው ከታክስ በፊት ብር 509,339.25 እና 9 የሥራ ቀን ነው።

የተገኘው ነገር

በአክሲስ 1 እና 2 ያሉት 9 ጉድጓዶች 1.50 ላይ ደህና መሬት ሰጥተውናል። ችግሩ ከአክሲስ 3 ይጀምራል። እዚያ በዲዛይኑ ጥልቀት ላይ ገና ዋልካ ነው ያለው። ሚያዝያ 28 ቀን ሬዚደንት መሐንዲሱ በተገኙበት የ14 ሚሊ ሜትር ፌሮ በእጅ ስንገፋው 30 ሳንቲም ያህል ዘልቋል። ግንቦት 5 ቀን በየአክሲሱ አንድ አንድ መሞከሪያ ጉድጓድ አወረድን። ዶማው የሚነጥርበት ቢጫማ ግራጫ ድንጋያማ ንጣፍ የተገኘው ከ1.50 በታች በአክሲስ 3 በ0.90፣ በአክሲስ 4 በ1.10፣ በአክሲስ 5 በ1.30 ሜትር ላይ ነው። መሬቱ ወደዚያ ወገን እየተዳፋ ሲሄድ ዋልካው ይወፍራል።

ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ግማሹ ፉቲንግ ድንጋይ ላይ፣ ግማሹ ዋልካ ላይ ቢያርፍ ሕንጻው እኩል አይቀመጥም። መሐንዲሱ ይህን አይተው ማዘዛቸው ትክክል ነው ብለን እናምናለን።

ከመጀመሪያው ሥራ ጋር ያለው ልዩነት

የሥራ ዝርዝሩ ተራ ቁጥር 1.03 «የፉቲንግ ጉድጓድ ቁፋሮ፣ ጥልቀቱ ከ1.50 ሜትር የማይበልጥ» ይላል። የስትራክቸር ፕላኑ አጠቃላይ ማስታወሻ 4 ደግሞ ፉቲንጉ ጠንካራ መሬት ላይ እንዲያርፍና ከዚህ ጥልቀት የሚያልፍ ሥራ በመሐንዲሱ የጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ እንዲሠራ ያዛል። ስለዚህ እስከ 1.50 ያለው ቁፋሮ በውሉ ዋጋ ውስጥ ነው፣ አንድ ሳንቲም አንጨምርበትም። ልኬታችን የሚጀምረው ከ1.50 በታች ነው። ሳይክሎፒያን ኮንክሪት ደግሞ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ የለም።

«አዘዞ ዋልካ መሆኑን ማን አያውቅም? ከጨረታው በፊት ሳይቱን አይታችሁ የለ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ እንጠብቃለን። አዎ፣ አይተናል። ከላይ ዋልካ መኖሩን አውቀን ነው 1.03ን የሞላነው። ያላወቅነው ውፍረቱን ነው። ከጨረታ ሰነዱ ጋር የተሰጠን የአፈር ምርመራ ሁለት ጉድጓዶች ብቻ የያዘ ሲሆን፣ ሁለቱም በአክሲስ 1 እና 2 ወገን የተቆፈሩ ናቸው። ከዚያ ተነስቶ የአክሲስ 5ን ጥልቀት መገመት የሚችል ተጫራች የለም።

ልኬት

በእያንዳንዱ አክሲስ 2.20 በ2.20 የሆኑ ሦስት፣ 1.80 በ1.80 የሆኑ ሁለት ፉቲንጎች አሉ። ስፋታቸው ተደምሮ በአክሲስ 21.00 ካሬ ሜትር ይሆናል።

አክሲስ 3፦ 21.00 × 0.90 = 18.90 ሜትር ኩብ
አክሲስ 4፦ 21.00 × 1.10 = 23.10 ሜትር ኩብ
አክሲስ 5፦ 21.00 × 1.30 = 27.30 ሜትር ኩብ
ድምር፦ 69.30 ሜትር ኩብ

ይህ ከመሞከሪያ ጉድጓዶቹ የተወሰደ ነው። ሥራው ተቀብሮ የሚቀር ስለሆነ እያንዳንዱ ጉድጓድ ኮንክሪት ከመግባቱ በፊት በጋራ ይለካል፣ ክፍያውም በዚያ ልኬት ይሆናል።

የዋጋ አሠራር

ቁፋሮ ከ1.50 በታች። በጨረታ ያስገባነው ትንተና 6 የቀን ሠራተኛ በብር 400 እና የፎርማን ድርሻ ብር 300፣ በቀን ብር 2,700 ነው። ቡድኑ በቀን 9 ሜትር ኩብ ያወጣ ነበርና ከ25% ኦቨርሄድና ትርፍ ጋር የውሉ ዋጋ ብር 375 ሆኗል። ጥልቀቱ ሲጨምር አፈሩ ሁለት ጊዜ ይወረወራል፣ ምርቱም ወደ 7.5 ሜትር ኩብ ይወርዳል። 2,700 ÷ 7.5 = 360፣ ከ25% ጋር ብር 450። ከምርቱ በስተቀር የቀየርነው ቁጥር የለም።

አፈር ማስወገድ። የውሉ ተራ ቁጥር 1.06 ዋጋ፣ ብር 290፣ እንዳለ ይወሰዳል። ውሉ የሚለካው ባልተቆፈረ መሬት ስለሆነ አፈሩ ሲቆፈር ለሚያብጠው ተጨማሪ አልጠየቅንም።

ሳይክሎፒያን ኮንክሪት (60% ሲ-15፣ 40% ድንጋይ)፣ ለ1 ሜትር ኩብ፦
ሲሚንቶ 1.5 ኩንታል × 1,450 = 2,175
አሸዋ 0.30 ሜ.ኩ. × 2,200 = 660
ጠጠር 0.50 ሜ.ኩ. × 1,900 = 950
ድንጋይ 0.55 ሜ.ኩ. × 900 = 495
ውሃ = 40
ብክነት 5% = 216
የሰው ጉልበት (በቀን 6,500 ÷ 10 ሜ.ኩ.) = 650
ሚክሰር፣ ቫይብሬተርና ነዳጅ (በቀን 4,000 ÷ 10 ሜ.ኩ.) = 400
ቀጥተኛ ወጪ = 5,586.00
ኦቨርሄድና ትርፍ 25% = 1,396.50
ነጠላ ዋጋ = ብር 6,982.50

የሲሚንቶው ዋጋ ሳይት ድረስ የደረሰበት ነው። የሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ተያይዟል፣ የወሰድነውም ዝቅተኛውን ነው።

ጠቅላላ ዋጋ፦
ቁፋሮ 69.30 × 450 = 31,185.00
ማስወገድ 69.30 × 290 = 20,097.00
ሳይክሎፒያን 69.30 × 6,982.50 = 483,887.25
ተቀናሽ፣ ሊን ኮንክሪት 63.00 ካ.ሜ. × 410 = (25,830.00)
ድምር = 509,339.25
ተ.እ.ታ. 15% = 76,400.89
ጠቅላላ = ብር 585,740.14

ተቀናሹን ያስገባነው የሳይክሎፒያኑ ፊት ተስተካክሎ ስለሚያልቅ በ15ቱ ፉቲንጎች ሥር ሊን ኮንክሪት ስለማያስፈልግ ነው። ከታክስ በፊት ያለው ድምር ከውሉ ዋጋ (ብር 18,640,000) 2.73% ነው።

በሴሌክትድ ማቴሪያል መሙላትም አስበን ነበር። በሜትር ኩብ ይረክሳል። ነገር ግን 1.80 ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ሮለር አይገባም። በየ20 ሳንቲሙ በእጅ መጠቅጠቂያ እየመቱ፣ በየንጣፉ የጥግግት ፍተሻ እየጠበቁ መሄድ ነው። ክረምት ደጃፍ ላይ ቆሞ ይህን አንመክርም።

የጊዜ ተጽእኖ

ሁለት የቁፋሮ ቡድን በቀን 15 ሜትር ኩብ ያወጣል፣ ቁፋሮው በ5 ቀን ያልቃል። የአክሲስ 3 ጉድጓዶች በ2 ቀን ስለሚደርሱ ሙሌቱ በ3ኛው ቀን ይጀምራል። በቀን 10 ሜትር ኩብ 7 ቀን ይወስድና በ9ኛው ቀን ያበቃል። የመጨረሻው ሙሌት ፌሮ ከመታሰሩ በፊት 3 ቀን ይጠብቃል፣ 12 ቀን ሆነ። ከዚህ ላይ የማያስፈልገው የሊን ኮንክሪት ሥራ 1 ቀን እና በፀደቀው ፕሮግራም ላይ ፉቲንጉ የነበረው 2 ቀን ትርፍ ጊዜ ሲቀነስ 9 ቀን ይቀራል። ግሬድ ቢሙ ሁሉም ፉቲንግ ሳያልቅ ስለማይዘጋ እነዚህ ቀናት በቀጥታ የማጠናቀቂያ ቀኑን ይገፋሉ።

ከሚያዝያ 29 እስከ ግንቦት 2 ትእዛዝ ስንጠብቅ ያለፉትን 4 ቀናት አንጠይቅም። ሠራተኛው አክሲስ 1 እና 2 ላይ ሲሠራ ነበር።

የማጠናቀቂያው ቀን ከታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ወደ ጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዲዛወር እንጠይቃለን። እሁድና የገና ዕለት በስሌቱ አልገቡም።

ውሳኔ

ከግንቦት 15 ቀን በፊት የጽሑፍ ማጽደቂያ ከደረሰን ግንቦት 18 ሰኞ እንጀምራለን። የሲሚንቶ ዋጋ የሚይዘን ለ21 ቀን ብቻ ነው። የውሃ መሳቢያ ፓምፕ ወጪ በዚህ ጥያቄ የለም። ማጽደቂያው ዘግይቶ ሥራው ሰኔ ውስጥ ከገባ ጉድጓዶቹ ውሃ መያዛቸው አይቀርም፣ ያኔ ፓምፑንና የሚባክነውን ቀን ለብቻው እናቀርባለን።

አባሪ፦ የሳይት ትእዛዝ ቁጥር 7፣ የመሞከሪያ ጉድጓዶች የጋራ መዝገብና ፎቶ፣ የጨረታ ዋጋ ትንተና፣ ፕሮፎርማዎች፣ የተከለሰ ፕሮግራም።

ከሰላምታ ጋር
የሥራ ተቋራጩ ፕሮጀክት ማናጀር