ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው

ሰላም ማርታ፣

የኮምፒውተርሽን ቪዲዮ አየሁት። መጀመሪያ አትደንግጪ፤ የደንበኞችሽ ፋይል ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው፣ አሁን የምነግርሽ ነገር ደግሞ ዲስኩን አይነካም። ፎርማት ይደረግ የሚልሽን ሰው አትስሚ።

ቅዳሜ አቧራውን ስታጸጂ ኬብሎቹን ነቅለሻል። ፕሮሰሰርሽ 9400ኤፍ ስለሆነ የራሱ ግራፊክስ የለውም። ስለዚህ የሞኒተሩ ኬብል ከላይ ከዩኤስቢዎቹ ጎን ሳይሆን፣ ታች ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካቱን እዪ። ከዚያ ነምሎክን ጫን ጫን አድርጊ። መብራቱ ከበራና ከጠፋ ማሽኑ ተነስቷል፣ ችግሩ ያለው ምስሉ ጋ ነው። ካልመለሰ ወደ ራም እንሂድ።

እኔ ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው ራሙን ነው። የመብራት ገመዱን ንቀይ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ዐሥር ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ፣ የኬዙን ብረት ንኪ። ሁለቱንም ራም አውጪ። ወርቃማውን ጥርስ በንጹሕ ላጲስ በቀስታ አሺው፣ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ አራግፊ። አንዱን ብቻ፣ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሪ ሁለተኛው ማስገቢያ ላይ፣ ቀጭ እስኪል ተጫኚው። መጫን ያስፈራል፣ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ማሽን ግማሽ ቀን ያለፋኝ ራሙ ገብቶ ሳለ አንደኛው ጫፉ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለነበር ነው። አብሪና ሁለት ደቂቃ ጠብቂ፤ ራም ሲቀያየር ማሽኑ ራሱ ጠፍቶ ሊነሳ ይችላል። ካልሆነ ሌላኛውን ራም፣ ከዚያ ሌላውን ማስገቢያ ሞክሪ። በእያንዳንዱ ሙከራ መሃል ገመዱን መንቀል እንዳትረሺ።

ካርዱም እንደዚሁ ነው፤ ብሎኑን ፈትተሽ፣ የማስገቢያውን መቆለፊያ ተጭነሽ አውጪና መልሰሽ አስገቢ። ካርድሽ 1660 ስለሆነ እስከ 120 ዋት ይፈልጋል፣ ማስገቢያው ግን ከ75 በላይ አይሰጥም። ስለዚህ ስምንት ፒን ያለው ኬብል ካልተሰካ ምስል አትጠብቂ። ከተቻለ ተጨማሪ ኬብል የማይፈልግ አሮጌ ካርድ ተዋሺና አስገብተሽ እዪ።

አሁን ፓወር። ፋን ዞረ ማለት ፓወር ሰፕላዩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ከትልቁ 24 ፒን ሌላ በፕሮሰሰሩ ጥግ የሚሰካ አራት ወይም ስምንት ፒን አለ። እሱ ከተረሳ የሚታየው ልክ ይኸው የአንቺ ማሽን ምልክት ነው፤ ፋን ይዞራል፣ ምስል የለም። የካርዱን ኬብል ግን እዚያ በግድ አታስገቢ። መልኩ ይመሳሰላል፣ የሽቦው አቀማመጥ ግን ተቃራኒ ስለሆነ ቦርዱን ያቃጥላል። የፕሮሰሰሩ አራትና አራት ሆኖ ይከፈላል፣ የካርዱ ስድስትና ሁለት።

ሁሉም ተሰክቶ ካልሆነ የሌላኛውን ማሽን ፓወር ሰፕላይ አውጥተሽ ሞክሪ፤ በዋት ከዚህኛው እንዳያንስ ብቻ። የራሱን ፓወር ሰፕላይ ሣጥን ግን በፍጹም አትክፈቺ፣ ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ኃይል ይይዛል።

እየሠራሽ በየትኛው እርምጃ ምን እንደተለወጠ ጻፊልኝ። ቦርዱ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት ከቀረ አጠገቡ የተጻፈውን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።