ጉዳዩ፦ በቅጥር ውሌና በፔይስሊፔ ላይ የተሳሳተው የአባቴ ስም እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ አልማዝ፣

ሰላማዊት ነኝ፣ ከግዢ ክፍል። የመታወቂያ ቁጥሬ 0417 ነው።

የአባቴ ስም ወንድወሰን ነው። ቅጥር ውሌ ላይ ግን «ወንድሰን» ተብሏል፤ መሀል ያለችው «ወ» ተዘላለች። ፔይስሊፑም ከዚያው ተገልብጦ ነው መሰለኝ Selamawit Wendesen Gebre ይላል። ፋይዳዬ፣ ፓስፖርቴና የባንክ ሒሳቤ ላይ ያለው Selamawit Wondwossen Gebre ነው። s ሁለት ጊዜ ነው የሚጻፈው።

እውነቱን ለመናገር ስህተቱን ካየሁት ቆይቷል። ጥር 2016 ውሉን ስፈርም ዓይኔ ደመወዙ ላይ ነበር። የራሱን ስም ቁጭ ብሎ የሚያነብ ማን አለ? በኋላ ፔይስሊፕ ላይ ሳየውም ብሩ በሒሳብ ቁጥሬ በሰዓቱ ስለሚገባ ችላ አልኩት። ጥፋቱ የኔም ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን ብድር ለመጠየቅ የነሐሴ፣ የመስከረምና የጥቅምት ፔይስሊፖቼን ይዤ ባንክ ሄድኩ። ሠራተኛዋ ከፋይዳዬ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። Wendesen የሚለውን በቀይ እስክሪፕቶ ከበበችና «ይሄ እኮ ሌላ ሰው ነው» ብላ መለሰችልኝ። አባቴ ሲሰማ «ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ የማን ልጅ ሆነሽ ነው ደመወዝ ስትበዪ የከረምሽው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ከብድሩ ይልቅ ያሳሰበኝ ጡረታው ነው። ከኔ የሚቆረጠው 7 በመቶና ድርጅቱ የሚጨምረው 11 በመቶ በተሳሳተው ስም ገቢ እየሆነ ከሆነ፣ ዛሬ በአንድ ደብዳቤ የሚያልቀው ነገር ጡረታ ስወጣ የዓመታት ምልልስ ይሆንብኛል። ስለዚህ የጡረታና የሥራ ግብር ዝርዝሩ ላይ ስሜ እንዴት እንደተላከ ከፋይናንስ ጋር ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል። ፋይናንስን በቃል ጠይቄ ነበር፤ «ከሰው ሀብት ደብዳቤ ካልመጣ ሲስተሙ ላይ አንነካም» አሉኝ።

ለውሉ አዲስ መፈራረም ያለብን አይመስለኝም። የስም ማስተካከያ ደብዳቤ ተጽፎ ከፋይሌ ጋር ቢያያዝ ይበቃል። አዲስ ውል የግድ ነው ካላችሁ ግን የቅጥር ቀኔ እንዳይነካ አደራ፤ የዓመት ፈቃዴ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ፔይስሊፑ ከኅዳር ጀምሮ ቢስተካከልልኝ። ያለፉትን መልሶ ማተም ስለሚያስቸግር፣ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ቢጻፍልኝ ለባንኩ እሱን አቀርባለሁ።

ባንኩ እስከ ኅዳር 25 ይጠብቀኛል። የፋይዳዬንና የፓስፖርቴን ኮፒ፣ የውሉን የመጀመሪያ ገጽና ሦስቱን ፔይስሊፖች አያይዣለሁ። ዋናውን ማየት ካስፈለገ ይደውሉልኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፤ ይዤ እወርዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሰላማዊት ወንድወሰን ገብሬ
ግዢ ክፍል
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.