ቅዳሜ ሕዳር 13 ጠዋት ቧንቧ ሰራተኛ ቤታችሁ ስለሚገባ ቀደም ብዬ ላሳውቃችሁ

ለግቢያችን ሰዎች በሙሉ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ሰኞ ሕዳር 8 ነው። ቅዳሜ ሕዳር 13/2018 ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል አንድ ቧንቧ ሰራተኛና ረዳቱ ይመጡና የአምስታችሁንም ቤት ያያሉ፣ የ3 ቁጥርን ግድግዳ ደግሞ ከፍተው ይሰራሉ። ለ5 ቁጥሯ እማማ በአካል ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ፣ በኦሮምኛ ለሚቀላችሁ ደግሞ ልጄ በቮይስ ይልክላችኋል።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የውሃ ቢላችን ሁሌ በወር 20 ኪዩብ አካባቢ ነበር፣ ያለፈው ወር 41 መጣ። ቆጣሪ አንባቢው ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ራሴ አየሁት፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ከዛ ሐሙስ ለሊት 7 ሰዓት ላይ ሁላችሁም ተኝታችሁ ወደ ሮቶው የሚሄደውን ቫልቭ ዘጋሁና የስልኬን መብራት ይዤ ቆጣሪው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ግቢው ጭጭ ብሏል፣ ማንም ውሃ አልከፈተም፣ ግን ቆጣሪው መሃል ያለችው ትንሿ ኮከብ ቀስ እያለች ትዞራለች። ትቆም እንደሆነ ብዬ ጠበቅኳት፣ አልቆመችም። በግማሽ ሰዓት ቀዩን ቁጥር ሳየው 15 ሊትር ሄዷል፣ በሰዓት 30 ማለት ነው፣ በቀን 720፣ በወር ሲባዛ ከ21 ኪዩብ በላይ፣ የጨመረው ቢል ይኸው እሱ ነው። ስለዚህ ማናችሁም ውሃ አባከናችሁ አልልም፣ እንደዛ እንዳይመስላችሁ፣ የጨመረውንም እኔ ነኝ የምከፍለው፣ እናንተ የለመዳችሁትን ብቻ ነው የምትከፍሉት።

የሚፈሰው ደግሞ የት እንደሆነ ግምቱ አለን። የ3 ቁጥር እህቶች ቁምሳጥናቸው ጀርባ ግድግዳው እንዳላበው ሰው እርጥብ እንደሆነና ቀለሙም እየተላጠ እንደሆነ ነግረውኛል፣ ሄጄ በእጄ ነካሁት፣ ቀለሙ እንደ ቅርፊት እየተነሳ እጄ ላይ ቀረ፣ ስሩ ልስኑ ለስልሶ ጣት ይገባዋል። በዛ ግድግዳ ውስጥ ነው ለ2 እና ለ3 ቁጥር ሻወር የሚሄደው የብረት ቧንቧ ያለው፣ ቤቱ ሲሰራ የተቀበረ ነው። የድሬን ውሃ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ከከርሰ ምድር ነው የሚወጣው፣ ኖራ ይበዛበታል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ቧንቧም ውስጥ እንደዛው ይጋገራል፣ ብረቱ ደግሞ በዛ ላይ ይዝጋል፣ ላዩን ብቻ ጠጋግነን የምንተወው ነገር አይደለም። ሰራተኛው የተበላውን ብረት አውጥቶ በፒፒአር የላስቲክ ቧንቧ ይቀይረዋል።

አሁን ዋናውን ነገር ልበል፣ ስለመግባቱ። እኔ ልጄን ስወልድ ተከራይ ነበርኩ። አራስ ሆኜ፣ ገና በሁለተኛው ሳምንት፣ ደረቴን ገልጬ ልጅ እያጠባሁ በሩ ተከፈተና አከራዬ ከማላውቀው ቧንቧ ሰራተኛ ጋር ዘው ብሎ ገባ። ቁልፍ ነበረው። አልጠራም፣ አላንኳኳም፣ ሲንኩን ልናይ ነው አለ። ነጠላዬን የምጎትትበት ጊዜ አልነበረኝም፣ ከዛ በኋላ እዛ ቤት እስክወጣ ድረስ በሩን በወንበር ደግፌ ነው የተኛሁት። ቤቱን ስሰራ ለራሴ የማልኩት ይሄንን ማንም ላይ አላደርገውም ብዬ ነው። ቤቱ የኔ ነው፣ ስትከራዩት ግን ውስጡ የናንተ ነው፣ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 26 ላይ ሰው በመኖሪያ ቤቱ እንዲከበር ይላል፣ ውላችን ላይም ለጥገና ከተገባ ከሦስት ቀን በፊት ይነገራል ብለን ፈርመናል፣ እኔ አምስት ያደረግኩት ስራ ላይ ያላችሁ እንድታስተካክሉ ብዬ ነው።

ቀኑንም እንዲሁ አይደለም የመረጥኩት። ዓርብ ሕዳር 12 ሚካኤል ነው፣ ጁምዓም አለ፣ ያን ቀን አይሆንም። ከቀትር በኋላ ደግሞ ሀሩሩ አለ፣ ሰዉ ጋደም የሚልበትም በርጫ የሚቀመጥበትም ሰዓት ነው፣ ያን ሰዓት እንግዳ ሰው ቤት ማስገባት ደስ አይልም። ብዙ ብናዘገየው ደግሞ ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ የሚመጡ እንግዶች ግቢያችንን ይሞሉታል፣ ያኔ ውሃ ማቋረጥ ጭንቅ ነው።

የቅዳሜው አካሄድ እንዲህ ነው። እስከ 2 ሰዓት ተኩል ውጪ ቆጣሪውንና ሮቶውን ነው የሚያዩት፣ ወደ ቤት አይገቡም። ከዛ 3 ቁጥር ይጀምራሉ፣ ዋናው ስራ እዛ ነው፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። 4 ቁጥር፣ ከፊራ በጠዋት እንደምትወጣ አውቃለሁ፣ አንተ ጋ የሚታየው የሲንኩ ስርና የሽንት ቤቱ ፍላሽ ብቻ ነው፣ አስር ደቂቃ አይሞላም፣ ከመውጣትህ በፊት ቢመችህ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከ3 ቁጥር በፊት አንተን ያዩሃል። 1 ቁጥር፣ ባጃጁን ለሊት ስለምትነዳ ጠዋት እንደምትተኛ ስለማውቅ አንተን መጨረሻ፣ 5 ሰዓት ላይ አድርጌሃለሁ፣ ከዛ በፊት በርህን የሚያንኳኳ የለም። ለእማማ እኔ ራሴ አብሬያቸው እቀመጣለሁ።

2 ቁጥር፣ እህቴ፣ አንቺ ገና አርባሽ አልወጣም፣ ስለዚህ ሰራተኛውን ግድግዳውን በ3 ቁጥር በኩል ብቻ ክፈት ብዬዋለሁ፣ በአንቺ በኩል መዶሻ አያርፍም። መግባት ግድ የሚሆነው የሻወሩ ቧንቧ ውሃ መያዙን ለማየት ብቻ ነው፣ ያም እናትሽ ባሉበት፣ አንቺ ከልጁ ጋር የኔ ሳሎን ሆነሽ። ያን ቀን አልችልም ካልሽም በቃ አልችልም በይኝ፣ ይቆያል። ድምፁ ለህፃኑ ይከብዳል፣ ሴራሚክ ሲሰበር ይጮሃል፣ ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ እኛ ጋ ብትሆኚ ደስ ይለኛል፣ አጥሚቱንም እኔ አፈላለሁ።

3 ቁጥር፣ ከናንተ የምፈልገው ቁምሳጥኑን ባዶ ማድረግ ነው፣ ዓርብ ማታ ልጄ መጥቶ ከግድግዳው ያርቀዋል፣ ብቻችሁን እንዳትገፉት ከባድ ነው። አልጋችሁን በአንሶላ ሸፍኑት፣ ሲሚንቶ አቧራው ሁሉ ነገር ላይ ያርፋል፣ ትልቅ ላስቲክ ገዝቻለሁ፣ በሩ ላይ እንሰቅለዋለን። ፒፒአሩ በሙቀት ስለሚጣበቅ የላስቲክ ሽታ ይኖራል፣ መስኮት ይከፈት። ማሽኑ መብራት ይበላል፣ ኬብሉ ከኔ ቤት ነው የሚመጣው፣ የናንተ ካርድ ላይ አይቆጥርም። ተጣብቆ ሲበርድ ግድግዳው ወዲያው አይደፈንም፣ መጀመሪያ ውሃ ይለቀቅና ኮከቧን ደግመን እናያታለን፣ ከቆመች ነው የሚለሰነው። ልስኑ ደርቆ ቀለም ለመቀባት በሌላ ቀን ሰው ይመጣል፣ ያንን ደግሞ ለብቻው እነግራችኋለሁ፣ ቅዳሜ ፈቀዱ ብዬ በሚቀጥለው ቀን ዝም ብዬ አላስገባም።

ለሁላችሁም፦ ውሃ ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ 5 ሰዓት ተኩል ስለሚቋረጥ ዓርብ ማታ ጀሪካኖቻችሁን ሙሉ። ከሲንኩ ስር ያለውን ሳሙና፣ ዘይት፣ ድስት ምናምን አንሱ፣ ሻወርና ሽንት ቤት መንገዱን ልቀቁ። ወርቅ፣ ብር፣ ላፕቶፕ ካላችሁ ቆልፉበት፣ ሰዎቹን ስለጠረጠርኩ አይደለም፣ ሰራተኛው ለእኔ ስምንት ዓመት ሰርቷል፣ ግን እናንተም እሱም በኋላ እንዳትሳቀቁ። ሁለቱም ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ፣ ምንጣፍና መጅሊስ ላይ አይወጡም፣ ቧንቧውን እንጂ ቤታችሁን ፎቶ አያነሱም፣ መኝታ ቤት ከ3 ቁጥር ውጪ ማንም ጋ አይገቡም። በር ላይ ሲደርሱ እኔ ነኝ የማንኳኳው፣ ቤት ውስጥ ሂጃብ ወይም ሻሽ የምትለብሱበት ጊዜ እንዲኖራችሁ ግቡ እስክትሉ ውጪ እንቆማለን።

ቤት የማትኖሩ ከሆነ እስከ ሐሙስ ማታ ንገሩኝ። ወይ እሁድ ጠዋት ይደረግላችኋል፣ ወይ የምታምኑትን ሰው ታስቀምጣላችሁ፣ ወይ ደግሞ እቴቴ አንቺ ግቢ ካላችሁኝ እሱን በጽሑፍ ላኩልኝና በናንተ ፈቃድ በትርፉ ቁልፍ እከፍታለሁ፣ ሲጨርሱ ቆልፌ ፎቶውን እልክላችኋለሁ። ምንም ካልመለሳችሁልኝ ግን ዝምታችሁን እሺ ብዬ አልወስደውም፣ እደውላለሁ፣ ካላነሳችሁ አልገባም። ትርፉ ቁልፍ በካዝናዬ ውስጥ በየቁጥሩ ታሽጎ ነው ያለው፣ ማየት የሚፈልግ ይምጣ ይይ።

አንድ ነገር ብቻ፣ አያድርስና ከቅዳሜ በፊት ቧንቧው ፈንድቶ ውሃ በር ስር መውጣት ከጀመረ መጀመሪያ ዋናውን ቫልቭ ነው የምዘጋው፣ እሱ ከውጪ ስለሆነ መግባት አያስፈልግም። ቫልቩ ቆጣሪው ጎን ያለው ቀይ እጀታ ነው፣ እናንተም ካያችሁ ወደ ቀኝ አዙራችሁ ዝጉት፣ እኔን አትጠብቁ። ከዛም በኋላ የመብራት ገመድ ውሃ ነክቶ ለመግባት ግድ ከሆነ ደውዬ፣ አንኳኩቼ፣ ከግቢው ሌላ ሰው አብሮኝ ቆሞ ነው የምገባው፣ ወዲያውም አሳውቃችኋለሁ።

የሰዓቱ ነገር የማይመቸው፣ የሚያሳስበው፣ ቤት ውስጥ ወንድ ሰራተኛ ብቻውን እንዲገባ የማትፈልግ ካለች በግል ጻፉልኝ፣ ግሩፑ ላይ መሆን የለበትም። ያያችሁት ከዚህ ስር ቁጥራችሁን ብቻ ጻፉ፣ 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ፣ እስከ ነገ ማታ ያልጻፈ ካለ ሄጄ በሩን አንኳኩቼ እነግረዋለሁ።

እቴቴ፣ የግቢው ባለቤት
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ሕዳር 8/2018