ሁለት ጽዋ ከአምስት ጽዋ ጎን፦ ለጥያቄሽ የወጣው ንባብ

እህቴ፣ «ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ ደስ ብሎኛል፤ ታዲያ ለምንድነው የማለቅሰው?» ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ። ሁለት የታሮት ካርድ አወጣሁልሽ። በግራ ሁለት ጽዋ፣ በቀኝ አምስት ጽዋ። ሁለቱም ቀጥ ብለው ነው የወጡት።

ሁለት ጽዋ ላይ ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆመው የየራሳቸውን ጽዋ ይዘዋል። እሱ እጁን ወደ እሷ ዘርግቷል። ይሄ የእናንተ ነገር ነው። ከስንት ዓመት በኋላ አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ተገናኝታችሁ፣ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ያወራችሁት። ደስታሽ እውነት ነው፤ አትጠራጠሪው።

አምስት ጽዋ ግን ይከብዳል። ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው አንገቱን ደፍቷል። ሦስት ጽዋ ፊቱ ተደፍቷል፤ ሁለት ደግሞ ከኋላው ቆመዋል። ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1909 በወጣው ካርድ ላይ እንዲህ አድርጋ ነው የሣለችው። ብዙ ሰው ይሄን ካርድ ሲያይ «ዞር በልና የቀሩትን ሁለቱን እይ» ይላል። ለአንቺ እንደዚያ ማለት አልፈልግም። የፈሰሰው ነገር የእውነት ፈሷል። ያኔ ሽማግሌ ሲልክ እምቢ ብለሻል። እናትሽ ግን በጣም ወዳው ነበር። ዛሬ እሷ የለችም፤ ሽማግሌዎቹን ቁጭ ብላ የምትቀበለው አክስትሽ ናት። ፒያሳ የምትቀመጡበት ቤት እንኳ ፈርሷል። ይሄ ሁሉ ሆኖ እንዴት አታልቅሺ?

አቀማመጣቸውን ልብ በዪ። ያዘነው ሰው ፊቱ ወደ ግራ ስለሆነ፣ ወደ ጥንዶቹ ነው የዞረው። በእሱና በእነሱ መሃል የተደፉት ጽዋዎች አሉ። ስለዚህ እንባሽን «ሰውየው አይሆንም» የሚል ምልክት አድርጌ አላነበውም። የሚቆጭሽ አሁን ያገኘሽው ዋጋ ስላለው ነው። ባይሆንማ ያለፉት ዓመታት ምን ያደርጉሽ ነበር?

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እሱ ይሄን ሐዘን አያውቀውም። «ደስታውን እንዳላበላሽበት» ብለሽ ብቻሽን ይዘሽዋል። ሁለት ጽዋ ላይ ግን የሁለቱም ጽዋ በግልጽ ነው የተያዘው። ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ንገሪው። «ያኔ እምቢ ያልኩህ እማዬ በሕይወት እያለች ነው፤ ይቆጨኛል» በይው። ይቅርታ መጠየቅ ካለብሽም ጠይቂው። ግን አጽናኚኝ ብሎ እንዳያሸክምሽ፣ አንቺም አጽናናኝ ብለሽ አትጫኚው። ዝም ብሎ ቢሰማሽ ይበቃል። ምናልባት እሱም የደፋው ጽዋ ይኖረዋል።

ካርዶቹ አግቢ ወይም አታግቢ አይሉም፤ እኔም አልልሽም። ካወራችሁ በኋላ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ። ከፈለግሽ ያኔ ሦስተኛ ካርድ እናወጣለን።