ባቲ፣ አንቺ ሆዬና አምባሰል በአንድ ክር፦ የቅኝቶች የድምፅ ርቀት ዝምድና ከክራር አቃኛኘት አንጻር (አኅጽሮተ ጥናት)

ዳራ

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ዓለማዊ ዘፈን ውስጥ ዋና ተብለው የሚታወቁ ቅኝቶች ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ስም ይጠራሉ፤ ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ስትሆን፣ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ያለ ተራራማ አገር ነው። ወሎ የቅኝት አገር መባሉ ለደሴ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ቅኝቶቹ እርስ በርሳቸው በምን እንደሚዛመዱ ግን ከመወደሳቸው ያነሰ ትኩረት አግኝቷል። በዘመናዊ ትምህርት እያንዳንዱ ቅኝት ብዙውን ጊዜ ከአንድ መነሻ ድምፅ፣ ማለትም ከዶ፣ ተነሥቶ ለየብቻው ይሰጣል። ይህ አቀራረብ ለማነጻጸር ቢመችም ተማሪው ክራሩን ከባቲ ወደ አምባሰል ሲያዛውር ከሚገባው በላይ ክር እንዲፈታና እንዲያጠብቅ ያደርገዋል። የጥናቱ ጥያቄ የተነሣው ከዚህ ነው፦ መነሻው ድምፅ ከዶ እንዲለቅ ከተፈቀደ፣ አንዱን ቅኝት ወደ ሌላው ለመለወጥ ቢያንስ ስንት ክር መነካት አለበት?

ዘዴ

ጥናቱ ስሌታዊ ትንተና ነው፤ የተቀረጸ ድምፅ አልተለካበትም፣ ተጫዋችም አልተጠየቀበትም። መነሻ የሆኑት በሙዚቃ ማስተማሪያዎች በስፋት የሚሰጡት ስድስት ቅርጾች፣ ማለትም ትዝታ ሜጀርና ማይነር፣ ባቲ ሜጀርና ማይነር፣ አምባሰል እና አንቺ ሆዬ ናቸው። እያንዳንዱ ቅኝት በአምስቱ ድምፆች መካከል ባሉት ርቀቶች፣ በግማሽ ድምፅ ተቆጥሮ፣ በአምስት ቁጥሮች ተጻፈ፤ የአምስቱ ድምር ምንጊዜም 12 ነው። በዚህ መሠረት ትዝታ ሜጀር 2-2-3-2-3፣ ትዝታ ማይነር 2-1-4-1-4፣ ባቲ ሜጀር 4-1-2-4-1፣ ባቲ ማይነር 3-2-2-3-2፣ አምባሰል 1-4-2-1-4፣ አንቺ ሆዬ ደግሞ 1-4-1-3-3 ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገሮች ተመረመሩ፦ አንዱ ቅኝት መነሻውን ብቻ በመለወጥ ሌላውን ይሰጥ እንደሆነ፤ የአንዱ ርቀቶች ከኋላ ወደ ፊት ሲነበቡ ሌላውን ይሰጡ እንደሆነ፤ በመጨረሻም ከአንዱ ወደ ሌላው ለማለፍ የሚለወጡት ክሮች ብዛትና የለውጡ መጠን። ክራሩ አምስት የተለያዩ ድምፆች እንዳሉት ተቆጥሯል፤ ስድስተኛ ክር ሲኖር ከአምስቱ አንዱን በኦክታቭ የሚደግም በመሆኑ፣ የተደገመው ድምፅ ሲለወጥ ብቻ ሁለት ክር ይነካል።

ውጤት

ስድስቱ ቅርጾች በርቀት ዑደታቸው ወደ አራት ቤተሰብ ይወርዳሉ። ባቲ ማይነር ከትዝታ ሜጀር አምስተኛ ድምፅ ተነሥቶ የሚገኝ ስለሆነ በሁለቱ መካከል አንድም ክር አይነካም። አምባሰልም እንዲሁ ከትዝታ ማይነር አራተኛ ድምፅ ይነሣል። ባቲ ሜጀርና አንቺ ሆዬ ግን ለየብቻቸው ይቆማሉ፤ አንቺ ሆዬ በተለይ ከመነሻው ድምፅ በላይ ሙሉ አምስተኛ፣ ማለትም የ7 ግማሽ ድምፅ ርቀት፣ የሌለው ብቸኛው ቅኝት ነው፤ ሌሎቹ አምስቱ ቅርጾች ሁሉም አላቸው።

በባቲ ሜጀርና በአምባሰል መካከል ያለው ዝምድና ሌላ ዓይነት ነው። የአምባሰል ርቀቶች ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ሲነበቡ 4-1-2-4-1 ይሰጣሉ፤ ይህም ያለ ምንም ለውጥ ባቲ ሜጀር ነው። ስለዚህ አንዱ ሲወርድ የሚረግጣቸው ርቀቶች ሌላው ሲወጣ ከሚረግጣቸው ጋር አንድ ናቸው። መነሻው ድምፅ ለሁለቱም ዶ እንዲሆን ከተገደደ ሁለት ክሮች እያንዳንዳቸው በ3 ግማሽ ድምፅ መውረድ አለባቸው፤ መነሻው ነጻ ሲሆን ግን አንድ ክር ብቻ ይበቃል። ክራሩ በባቲ ሜጀር፣ ማለትም በዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶልና ሲ፣ ተቃኝቶ ሳለ የሶል ክር ወደ ላ ከተነሣ፣ ከሚ የሚጀምር አምባሰል ይገኛል፦ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። በእነዚሁ ክሮች ላይ ከላ ከተጀመረ ደግሞ ትዝታ ማይነር ነው።

በጥናቱ መነሻ ላይ ያልተጠበቀው በዚያው ክር መካከለኛ ቦታ ላይ የተገኘው ነው። የሶል ክር ሙሉ ድምፅ ሳይነሣ በግማሹ ላይ፣ በሶል ዲየዝ፣ ቢቆም፣ ክራሩ ከሲ የሚጀምር አንቺ ሆዬ ይሆናል፦ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ዲየዝ። በሌላ አነጋገር ዶ፣ ሚ፣ ፋና ሲ እንደተቃኙ ቆመው፣ አንዱ ክር ብቻ በግማሽ በግማሽ ድምፅ ሲነሣ በመጀመሪያ ባቲ ሜጀር፣ ቀጥሎ አንቺ ሆዬ፣ ከዚያም አምባሰልና ትዝታ ማይነር በተራ ይወጣሉ። መነሻው ግን በየጊዜው ሌላ ክር ላይ ይወድቃል፤ ዝምድናው በሰሌዳ ላይ ትምህርት በቀላሉ የማይታየውም በዚህ ምክንያት ይመስላል። ትዝታ ሜጀር ከዚህ ሰንሰለት ውጭ ነው፤ ከተመሳሳይ መነሻ ወደ ትዝታ ማይነር ለመሻገር ሁለት ክሮች በግማሽ ግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ።

መደምደሚያ

በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩት ሁለት ቅኝቶች፣ ባቲ በሜጀር ቅርጹ ሲወሰድ፣ አንዱ የሌላው ተገላቢጦሽ ናቸው፤ በመካከላቸውም አንቺ ሆዬ ይገኛል። ይህ የርቀት ዝምድና እንጂ የታሪክ ማስረጃ አይደለም፤ አንዱ ከሌላው ተወለደ ወይም የትኛው ይቀድማል ለማለት አያስችልም፣ ጥናቱም ይህን አይልም። ለክራር ትምህርት ግን ቀጥተኛ ጥቅም አለው፤ ተማሪው ባቲን ከለመደ በኋላ የሶሉን ክር ብቻ እያነሣ ሦስቱን ሌሎች ቅርጾች በጆሮው እንዲያገኝ ማድረግ፣ ሁሉንም ከዶ እየጀመሩ ከማስጠናት ይልቅ ክራሩ በእጅ ላይ ለሚሠራው ሥራ ይቀርባል። ውጤቱ በመሲንቆና በዋሽንት ላይ በዚህ መልኩ አይሠራም፤ መሲንቆ ድምፁ የሚለየው በጣት አረጋገጥ ነው፣ የዋሽንት ቀዳዳም አንድ ጊዜ ከተበሳ በኋላ አይቃኝም።

ዋናው ገደብ ስሌቱ ኦክታቭን ለ12 እኩል ክፍል በሚከፍለው የፒያኖ አቃኛኘት ላይ መቆሙ ነው። የባህል ተጫዋች ክራሩን የሚቃኘው በጆሮው ስለሆነ፣ እዚህ ግማሽ ድምፅ የተባለው ርቀት በተግባር ሊሰፋም ሊጠብም ይችላል፤ በዚያ ላይ ቅኝት ከአምስት ድምፆች በላይ ነው፤ የዜማው አካሄድ፣ ማረፊያውና ማስዋቢያው በቁጥሮቹ ውስጥ አልገቡም። ቀጣዩ ሥራ በባቲና በአምባሰል አካባቢ የሚጫወቱ የክራር ተጫዋቾች ከቅኝት ወደ ቅኝት ሲሻገሩ የትኛውን ክር እንደሚነኩ ማየትና የእያንዳንዱን ክር ድምፅ በመሣሪያ መለካት ይሆናል።

ቁልፍ ቃላት፦ ቅኝት፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፣ ትዝታ፣ ክራር፣ የድምፅ ርቀት፣ ወሎ